ጽፋ ያመጣችው ደብዳቤ

«እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ሪሴፕሽን ላይ 4 ዓመት የሠራች ልጅ ልትለቅ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆቴል የሪሴፕሽን ሺፍት ሱፐርቫይዘር አድርጎ ሊወስዳት ፈልጎ ከእኔ የድጋፍ ደብዳቤ ጠይቋታል። እንደ እህቴ ነው የማያት። ከእንግዳ ጋር ያላት ነገር ልዩ ነው። ባለፈው ዓመት የከተራ ለት አስጎብኚ 14 እንግዳ ይዞ መጥቶ 5 ክፍል ሲጎድለን፣ በየሆቴሉ ደውላ ክፍል አግኝታ ራሷ አድርሳቸዋለች። ግን በዚያው ዓመት ሒሳብ ስታስረክብ ሦስት ጊዜ ጎድሎባታል፤ ትልቁ 1,850 ብር ነው። ሦስቱም እንግዳ በተጨናነቀበት ቀን ነው፤ ራሷ ተክታዋለች። ሌብነት እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ደረሰኝ ሳይቆረጥ ቁልፍ እንዳይመለስ ካደረግን ከሰኔ ወዲህ አልደገማትም። ጠዋት ላይም ታረፍዳለች። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤውን ራሷ ጽፋ አመጣችና ‹ጋሼ፣ እርስዎ ይፈርሙልኝ ብቻ› አለችኝ። ‹ያለ አንዳች እንከን፣ በፍጹም ታማኝነትና ትጋት› ይላል። ብዕሩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ብፈርም ዋሸሁ፤ ባልፈርም ልጅቷን በደልኩ። ምን ይሻለኛል?»
ሥራ አስኪያጁ፣ ከጎንደር

ወንድሜ፣ ብዕሩን መልሰው ማስቀመጥዎ ደግ አደረጉ። ግን ብዙ ቀን እንዳያስቀምጡት። የሚቀጥራት ሆቴል ወረቀቱን እየጠበቀ ነው፤ ደብዳቤው በዘገየ ቁጥር ደግሞ መዘግየቱ ራሱ ክፉ ወሬ ይመስልባታል።

መጀመሪያ ሁለት ወረቀት እንለይ። አንዱ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ሌላው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ሁለቱን በአንድ ገጽ መቀላቀል ተለምዷል፤ የእርስዎም ጭንቀት ግማሹ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

የሥራ ልምድ ማስረጃው መብቷ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪው ሠራተኛው ሲለቅ ወይም በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። እዚህ ላይ የእርስዎ አስተያየት አይፈለግም። ምስጋናም ወቀሳም አይገባበትም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ይጻፉላት። ሙሉ ስሟ መታወቂያዋ ላይ እንዳለው ይሁን። ከረዳትነት ጀምራ ወደ ሪሴፕሽኒስት ያደገች ከሆነ እያንዳንዱ የሥራ መደብ ከመቼ እስከ መቼ እንደነበር ለየብቻ ይጻፍ፤ ወደፊት የሥራ ልምድ የሚቆጥርላት ሰው የሚያየው መደቡን ነው። የሥራ ግብር ከደመወዟ ተቆርጦ ለመንግሥት ገቢ መደረጉን አንድ መስመር ይጨምሩ። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ያለዚህ መስመር ብዙ ቦታ አይያዝም፤ ነገ የመንግሥት ሥራ ብታመለክት ለዚያች መስመር ስትል ተመልሳ ጎንደር ድረስ መምጣት የለባትም። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያድርጉበት። በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ እጅዎ አይከብድም።

የከበደዎት ሁለተኛው ነው። እሱን ሕግ አያስገድድዎትም። በፈቃድዎ የሚሰጡት ነገር ስለሆነ ነው ቃልዎ ዋጋ የሚኖረው።

ጽፋ ስላመጣችው ወረቀት ልጅቷን አይቀየሟት። እኛ አገር «አንቺ ጻፊውና እኔ እፈርማለሁ» የሚለው አለቃ ስለሚበዛ፣ ሠራተኛው ሳይጠየቅም ጽፎ መምጣት ለምዷል። እሷም የቀዳችው ከአንድ ጓደኛዋ ደብዳቤ ይሆናል። «በፍጹም ታማኝነትና ትጋት» የሚለውን ሐረግ ሠራተኛ አስተዳደር በሠራሁባቸው ዓመታት ስንት መቶ ወረቀት ላይ እንዳየሁት ልነግርዎ አልችልም። እንደዚያ ዓይነት ደብዳቤ ሲመጣልኝ የማየው ማኅተሙንና ቀኑን ብቻ ነበር። ቀሪውን ዘልዬው አልፋለሁ። ስለዚህ ያ ወረቀት ውሸት ከመሆኑ በላይ ለእሷም አይጠቅማትም። ስሟን አውጥተው የሌላ ሰው ስም ቢያስገቡበት የሚለወጥ ነገር የለውም።

እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ወረቀት ፈርሜያለሁ። የምሠራበትን ድርጅት ስም ልተወው። አንድ የስቶር ሠራተኛ ሊለቅ ሲል «በማንኛውም የሥራ ዘርፍ ሁለገብ ብቃት ያለው» የሚል ደብዳቤ ጽፎ መጣ። ይሉኝታ ያዘኝና ፈረምኩለት። ጎበዝ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ዕቃ ካወጣ በኋላ ቢን ካርዱ ላይ ወዲያው አይመዘግብም፤ ማታ ላይ ሰብስቦ ነው የሚሞላው። በሳምንቱ ቀጣሪው ደወለና «ቆጠራ ላይ እንዴት ነው?» አለኝ። አልተዘጋጀሁም። «እ... ደህና ነው» አልኩ። ሰውየው ትንሽ ዝም አለና «ገባኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። የገባው ግን እኔ ያላልኩት ነገር ነው። ሌባ ነው ብዬ የደበቅሁ መሰለው። ልጁ ሥራውን አላገኘም። መዝገቡን እንደሚያዘገይ ደብዳቤው ላይ በአንድ መስመር ጽፌ ቢሆን፣ ወይም ስልኩ ላይ በግልጽ ተናግሬ ቢሆን፣ ሰውየው ጉዳዩን በልኩ ያየው ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ እርስዎ ልጅ እንመለስ። የከተራው ነገር ደብዳቤውን ለብቻው ይሸከመዋል። እርስዎ በሁለት መስመር ነው የነገሩኝ፤ ደብዳቤው ላይ ግን ሰፋ ይበል። ጥር 10 ማታ ጎንደር ውስጥ ክፍል መፈለግ ምን እንደሆነ እኔና እርስዎ እናውቃለን። አዲስ አበባ ያለው ሰው ግን ላያውቀው ይችላል፤ ስለዚህ ይንገሩት። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ወርደው፣ ከተማው በእንግዳ ተሞልቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ ነበር ይበሉት። ስንት ሆቴል እንደደወለች ይጠይቋት። እንግዶቹ ሎቢ ውስጥ ሲጠብቁ ምን አደረገች? አስጎብኚው ተቆጥቶ ነበር? ማን አረጋጋው? በማግስቱ ተመልሰው መጡ ወይስ ሌላ ቦታ ሄዱ? ሱፐርቫይዘር ፈልጎ የሚያነብ ሰው «ተግባቢ ነች» ከሚል ቃል ይልቅ ያችን ሌሊት ማየት ይፈልጋል። ሥራው ራሱ እሱ ነውና፤ ክፍል ሲጎድል፣ እንግዳ ሲቆጣ፣ አለቃ በሌለበት መወሰን።

አሁን ወደ ጉድለቱ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የምትሄድበት ሥራ ሪዘርቬሽን ላይ ስልክ መቀበል ቢሆን ኖሮ ስለ ሒሳቡ ምንም እንዳይጽፉ እመክርዎ ነበር። ደብዳቤ የሰውን ኑሮ ሁሉ የሚዘረዝር ወረቀት አይደለም፤ ያልተጠየቁትን ትተው የሚያውቁትን መልካም ነገር ቢጽፉ ዋሹ አይባልም። ግን ልጅቷ የምትሄደው ለሺፍት ሱፐርቫይዘርነት ነው። የሌላውን ሠራተኛ የገንዘብ ርክክብ የምትረከበው፣ የሺፍቱን መዝጊያ የምታጣራው እሷ ናት። እዚህ ላይ ዝም ማለት ዋናውን ነገር መደበቅ ነው። «ሒሳብ አያያዟ የተመሰገነ ነው» ብሎ መጻፍ ደግሞ የባሰ ነው። ሦስቱ የጉድለት ሪፖርቶች እኮ ከእርስዎ ደብዳቤ ቅጂ ጋር በአንድ የግል ማኅደር ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ነገ ባለቤቱ ወይም ኦዲተር ማኅደሩን ቢከፍት የሆቴሉ ማኅተም ራሱን በራሱ ሲቃረን ያያል።

እንዴት ይጻፍ ነው ጥያቄው። «የገንዘብ ጉድለት» የሚለውን ቃል አይጠቀሙ። ቃሉ ውሸት ሆኖ አይደለም። በአማርኛ ደብዳቤ ላይ ሲነበብ ግን ትርጉሙ ይሰፋል። «ጎደለባት» ሲባል ሰው የሚሰማው «በላችው» የሚለውን ነው። 1,850 ብር በግርግር መሳሳትና እምነት ማጉደል በአንድ ቃል ሲጠሩ እውነቱ ይጠፋል። ደግነቱ እርስዎ ምክንያቱን ያውቁታል። ሎቢው ሲሞላ እንግዳው ይከፍላል፣ ቁልፉን ይመልሳል፣ እሷ «ደረሰኙን በኋላ እቆርጣለሁ» ብላ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ከዚያ የትኛው እንግዳ ሚኒባር እንደከፈለ፣ የትኛው እንዳልከፈለ ይደባለቃል። እናንተ አሠራሩን ለወጣችሁ፤ እሷም ተከተለችው፤ ስህተቱ ቆመ። እሱን ነው መጻፍ ያለብዎት። የሆነውን፣ ከምን እንደመጣና እንዴት እንደቆመ።

ነገር ግን ዋስትና አይስጡ። «ከእንግዲህ አይደገምም» አይበሉ፤ እሱን ማንም አያውቅም። «ከሰኔ ወዲህ አልተደገመም» ይበሉ። ይህን መዝገቡ ያሳያል። ከመጻፍዎ በፊት ደግሞ መዝገቡን አውጥተው ይዩ። ትዝታ ያሳስታል። ከሰኔ እስከ አሁን ያሉትን የሺፍት መዝጊያዎች አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለው ያገላብጡ። እንግዳ በበዛባቸው ቀናት፣ ለምሳሌ በመስቀል ሰሞን፣ የእሷ መዝጊያ ልክ ከነበረ ያ ለእሷ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ስለ ማርፈዱ ብዙ አልልም። ከተማ ዳር፣ አዘዞ ወይም ከዚያ ወዲያ ኖራ ለንጋቱ 12 ሰዓት ሺፍት ታክሲ የምትጠብቅ ከሆነ ችግሩ የመንገድ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የራሷ ሌላ መንገድ ይኖራታል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ካልሰጧት ደብዳቤ ላይ ቦታ የለውም። «ሰዓት አክባሪ» የሚለውን ግን ይሰርዙት። ከተጠየቁ እውነቱን ይናገሩ።

እንግዲህ በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህን እጽፍ ነበር። አድራሻው ለዚያ ሆቴል ይሁን፤ የድጋፍ ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ሲባል ለማንም ያልተጻፈ ይመስላል።

«ወ/ሪት ... በሆቴላችን ለ4 ዓመት በእንግዳ መቀበያ ሠርታለች። እኔ በዚህ ጊዜ ሁሉ የቅርብ ኃላፊዋ ነበርኩ። ጠንካራ ጎኗ እንግዳ ሲበዛና ነገር ሲበላሽ ይታያል። ባለፈው ዓመት የከተራ ዕለት፣ ከተማው በበዓሉ እንግዶች ተሞልቶ ሳለ፣ የ14 እንግዶች ቡድን ደርሶ 5 ክፍል ጎደለን። እሷ ለእንግዶቹ ሻይ አስቀርባ፣ ችግሩን ሳትሸፋፍን ነግራቸው፣ በየሆቴሉ ደውላ ክፍሎቹን አገኘች፤ መንገድ በመዘጋቱም ራሷ በእግር ይዛቸው ሄደች። ማንም አላዘዛትም።

በሥራ ጫና ጊዜ ደረሰኝ በማዘግየት በሺፍት ርክክብ ላይ ሦስት ጊዜ ልዩነት አጋጥሟት ነበር። ሦስቱንም በዕለቱ ራሷ አሳውቃ ተክታለች። በሰኔ ወር የቼክ አውት አሠራራችንን ስናስተካክል በጥንቃቄ ተግብራዋለች፤ ከዚያ ወዲህ በርክክቧ ላይ ልዩነት አልታየም። ለሱፐርቫይዘርነት ስትመደብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሺፍት መዝጊያ ላይ አብሯት የሚያይ ሰው ቢኖር ሥራውን በደንብ እንደምትይዘው አምናለሁ። ወደ እኛ ለመመለስ ብትፈልግ በደስታ እቀበላታለሁ።»

የሻዩንና የእግሩን ነገር እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ እርስዎ የሆነውን ብቻ ያስገቡ። «በዕለቱ ራሷ አሳውቃ» የሚለውም እውነት ከሆነ ነው የሚጻፈው። እውነት ከሆነ ግን እንዳይረሱት፤ የተሳሳተ ሰው በዕለቱ መጥቶ መናገሩ ከማንም ምስጋና በላይ ታማኝነቱን ያሳያል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርም ከልብዎ ካልሆነ አይጻፏት። ቀጣሪዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልጉት ያችን ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህን ግን ሳያሳዩዋት እንዳይልኩት። ሎቢው ውስጥ ሰው እያየ ሳይሆን ቢሮ ጠርተው፣ ቡና አስመጥተው፣ ረቂቁን ያንብቡላት። መጀመሪያ የራሷን ወረቀት ይመልሱላትና ለምን እንዳልፈረሙት ይንገሯት። «ይቺ ወረቀት የማንም ናት፤ እኔ የአንቺን ልጽፍልሽ ነው የፈለግሁት» ቢሏት ትረዳለች። ሁለተኛው አንቀጽ ጋ ሲደርሱ ፊቷ ይለወጥ ይሆናል። ታለቅስም ይሆናል። አይቸኩሉ። ከእርስዎ ቀድማ የተሳሳተ ነገር ካለ ታርማለች፤ ምናልባትም እርስዎ የማያውቁትን ትነግርዎ ይሆናል፤ ያን ቀን ካሸሯ አልነበረችም፣ ለብቻዋ ነበረች ወይም ሲስተሙ ቆሞ ነበር ትል ይሆናል። ያን ይጨምሩበት።

«ጋሼ፣ ይህቺን አንቀጽ ይተዉልኝ» ካለችስ? ይተዉላት። ደብዳቤው የሚሄደው በእሷ ስም ነው፤ ያለ ፈቃዷ ስህተቷን ለሌላ ሆቴል መላክ የእርስዎ ድርሻ አይደለም። ያኔ ስለ ሒሳብ ምንም ቃል የሌለበት፣ ስለ እንግዳ አያያዟ ብቻ የሚናገር ደብዳቤ ይጻፉ። ለሱፐርቫይዘርነት ብቁ ናት የሚለውንም ይተዉት። ሆኖም አንድ ነገር እዚያው ይንገሯት፦ «ደውለው ስለ ርክክብ ከጠየቁኝ ይህንኑ አንቀጽ በቃሌ እነግራቸዋለሁ።» ይህን እያወቀች ትምረጥ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አንቀጹ እንዲገባ ይመርጣል፤ ቀድሞ በጽሑፍ የተነገረ ነገር በስልክ ሲጠየቅ አያስደነግጥማ።

የሆቴሉን ባለቤትም ቀድመው ያናግሩ። ማኅተም የእርስዎ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ «ስም አታጥፋ፤ ዝም ብለህ ጥሩ ጻፍላት» ሊልዎት ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው በመልቀቋ ተቀይሞ ምንም እንዳይሰጣት ሊፈልግ ይችላል። የመጀመሪያው ከመጣ ረቂቁን ያሳዩት። ሁለተኛው ከመጣ ደግሞ የሥራ ልምድ ማስረጃውን የመከልከል ሥልጣን እንደሌለው አዋጁን አንስተው ይንገሩት፤ የድጋፍ ደብዳቤውን ያለ ማኅተም፣ በራስዎ ስምና የሥራ ኃላፊነት ፈርመው ሊሰጧት ይችላሉ።

ስልኩ ይደወላል፤ ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ብዙ ጊዜ ይደውላሉ። ረቂቁን ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀምጡ። «ርክክብ ላይ እንዴት ነች?» ሲሉዎ ሳይንተባተቡ ይመልሱ፦ ሦስት ጊዜ፣ በግርግር፣ ደረሰኝ በማዘግየት፣ ከሰኔ ወዲህ የለም። «ታማኝ ነች?» ካሉ «አዎ» ይበሉና ትንፋሽ ሳይወስዱ ምክንያቱን ይቀጥሉ። እዚህ ላይ ነው እኔ የወደቅሁት፤ «አዎ» ብሎ ዝም ማለት ራሱ ጥርጣሬ ይፈጥራል። ከዚያ ሳይጠየቁም የከተራውን ሌሊት ይንገሯቸው። የቀጥታ ስልክዎን ከፊርማዎ ሥር ይጻፉት፤ የሪሴፕሽኑን ቁጥር ከጻፉ ስልኩን የሚያነሳው የእሷ የሥራ ባልደረባ ይሆናል።